የብዙኃን ዝምታ፦ ትልልቅ የጥቅም ቡድኖች ከትንንሾቹ ይልቅ መደራጀት ለምን ያዳግታቸዋል?

መግቢያ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአንድነትን ኃይል ለማሳየት ነው። ለፖለቲካ ኢኮኖሚ ተመራማሪ ግን የተረቱ ቁልፍ ያለው «ቢያብር» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። ድሩ የሚያብረው መቼ ነው? ብዙ ድር ስላለ ብቻ ያብራል? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው በአሜሪካ የስኳር ፖሊሲ አማካይነት ነው። በዚያ ጉዳይ በአንድ ወገን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሸማቾች፣ በሌላው ወገን ጥቂት ሺህ አምራቾች ቆመዋል። ለአሥርት ዓመታት በአብዛኛው የቀናቸውም ጥቂቶቹ ናቸው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጽሑፉ የሚያቀርበው መከራከሪያ አንድ ነው። «ትልቅ ቡድን» ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል እንጠቀልላለን፤ እነዚህም የአባላት ቁጥር፣ የእያንዳንዱ አባል የጥቅም ድርሻ እና አባላቱን የማሰባሰቢያ ወጪ ናቸው። ሦስቱ ብዙውን ጊዜ አብረው ስለሚጓዙ አንድ ይመስላሉ። ሲነጣጠሉ ግን ቁጥር ብቻውን ከሚታሰበው ያነሰ ነገር እንደሚያብራራ እንረዳለን።

የኦልሰን መከራከሪያ

እስከ 1960ዎቹ ድረስ በአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ ውስጥ ገናና የነበረው አስተሳሰብ ሰዎች የጋራ ጥቅማቸው ሲነካ ይደራጃሉ የሚል ነበር። ዴቪድ ትሩማን በ1951 ባሳተመው ሥራ ላይ እንደተነተነው፣ በኅብረተሰቡ ውስጥ መናጋት ሲፈጠር የተጎዱት ወገኖች ማኅበር መሥርተው ሚዛኑን ለመመለስ ይጥራሉ። ኢኮኖሚስቱ ማንከር ኦልሰን በ1965 ባወጣው «የጋራ ድርጊት አመክንዮ» በተባለው መጽሐፉ ይህን ግምት ተቃወመ። የጋራ ጥቅም መኖሩ፣ አባላቱም ይህን ማወቃቸው፣ ከዚያም አልፎ ሁሉም ውጤቱን መፈለጋቸው ለጋራ ድርጊት በቂ አይደለም አለ።

ምክንያቱ የሚመነጨው ከውጤቱ ባሕርይ ነው። አንድ ሕግ ሲሻር ወይም ሲጸድቅ ጥቅሙ የሚዳረሰው ለታገለውም ላልታገለውም ነው። ያላዋጣውን ሰው ከጥቅሙ ማግለል አይቻልም። እንዲህ ዓይነቱን ውጤት የወል ጥቅም እንለዋለን። የወል ጥቅም ባለበት ቦታ ሁሉ፣ ወጪውን ሌሎች ሸፍነው ጥቅሙን እኔም ብጋራ የሚል ዝንባሌ ይኖራል። ይህን የሚያደርገው ሰው በመድረኩ ነፃ ተጋሪ ይባላል። ነፃ ተጋሪ መሆን የግድ ከስስት ወይም ከግዴለሽነት አይመነጭም። የእኔ መዋጮ ውጤቱን አይለውጠውም የሚለው ስሌት ትክክል ከሆነ፣ ለጉዳዩ ከልቡ የሚያስብ ሰውም ጊዜውንና ገንዘቡን ለውጥ ሊያመጣበት ወደሚችል ሌላ ጉዳይ ሊያዞረው ይችላል።

ኦልሰን ትልልቅ ቡድኖች ይበልጥ የሚቸገሩባቸውን ሦስት ምክንያቶች ለይቶ አስቀምጧል። አንደኛ፣ ቡድኑ በሰፋ መጠን ከጠቅላላው ጥቅም ለአንድ አባል የሚደርሰው ድርሻ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ድርሻው በመቀነሱ የተነሳ ወጪውን ብቻውን ቢሸፍን እንኳ የሚያተርፍ አባል የመገኘቱ ዕድል ይጠብባል። ሦስተኛ፣ አባላቱን የማግኘት፣ የማስማማትና መዋጮ የመሰብሰብ ወጪ ይንራል። ሦስቱንም በስኳሩ ጉዳይ አንድ በአንድ መፈተን ይቻላል።

የስኳሩ ጉዳይ

የአሜሪካ መንግሥት ከ1934 ጀምሮ የአገር ውስጥ ስኳር አምራቾችን በሕግ ሲደግፍ ቆይቷል። በ1980ዎቹ ቅርጹን የያዘው ሥርዓት በሁለት ምሰሶዎች ላይ ይቆማል። አንደኛው ለስኳር ፋብሪካዎች የሚሰጥ ብድር ነው። ፋብሪካው ስኳሩን በመያዣነት አስይዞ በሕግ በተወሰነ ዋጋ ይበደራል፤ የ1985ቱ የእርሻ ሕግ ይህን ዋጋ ለአንድ ፓውንድ ጥሬ የአገዳ ስኳር 18 የአሜሪካ ሳንቲም አድርጎት ነበር። የገበያው ዋጋ ከዚያ በታች ከወረደ ተበዳሪው ብድሩን በመክፈል ፈንታ ስኳሩን ለመንግሥት ማስረከብ ይችላል። ሁለተኛው ምሰሶ ከውጭ የሚገባውን ስኳር የሚገድበው ኮታ ነው። ኮታው አቅርቦቱን ስለሚያጠብብ የአገር ውስጥ ዋጋ ከብድሩ ዋጋ በላይ ይቆያል፤ መንግሥትም ስኳር ከመረከብ ይድናል።

በዚህ አሠራር ድጋፉን የሚከፍለው በቀጥታ የመንግሥት ካዝና ሳይሆን ስኳር የሚገዛው ሰው ነው። የ1985ቱ ሕግ ፕሮግራሙ በተቻለ መጠን ካዝናውን ሳያስወጣ እንዲሠራ ማዘዙም ለጉዳያችን ትልቅ ትርጉም አለው። በበጀት ሰነድ ላይ ጎልቶ የሚታይ ወጪ የለም፤ ስለዚህ በየዓመቱ በበጀት ክርክር ወቅት የሚነሳ፣ ጋዜጣ የሚጽፍበት አሐዝ አይኖርም። ወጪው በስኳር፣ በብስኩትና በከረሜላ ዋጋ ውስጥ ተበታትኖ ይገኛል።

የኮንግረሱ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ1993 ባወጣው ዘገባ ፕሮግራሙ የአገሪቱን የጣፋጭ ተጠቃሚዎች በዓመት በአማካይ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስወጣ ገምቷል። ይኸው ዘገባ ለአብቃዮች ከሚደርሰው ጥቅም 42 በመቶውን የሚወስዱት ከእርሻዎቹ 1 በመቶ የሚሆኑት እንደሆኑ አስፍሯል። እነዚህ ሁለት አሐዞች የቀረውን ትንታኔ ለመሸከም ይበቃሉ።

የሸማቹ ስሌት

በወቅቱ የአሜሪካ ሕዝብ 250 ሚሊዮን ገደማ ነበር። 1.4 ቢሊዮን ዶላር ለዚህ ሕዝብ ሲካፈል ለአንድ ሰው በዓመት 5 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይደርሰዋል። አሁን ለማሳያ ያህል ፕሮግራሙን ለማሻር የሚደረግ ዘመቻ 5 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል ብለን እናስብ። ለሸማቾች በጥቅሉ ዘመቻው እጅግ አትራፊ ነው፤ አንድ ዶላር ወጪ 280 ዶላር ያስገኛል። ሆኖም ወጪውን ብቻውን ሸፍኖ የሚያተርፍ ሸማች እንዲገኝ ያ ሰው ከጠቅላላው ጥቅም ቢያንስ አንድ ሁለት መቶ ሰማንያኛውን መያዝ አለበት። ተራው ሸማች የያዘው ግን አንድ ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊዮንኛ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። አንድ ሰው ብቻውን ለምን ይክፈል? እያንዳንዱ 2 ሳንቲም ቢያዋጣ 5 ሚሊዮኑ ይሞላ የለም ወይ? በሒሳብ ይሞላል። ችግሩ 2 ሳንቲም ከአንድ ሰው ለመቀበል የሚያስፈልገው ደብዳቤ፣ የባንክ አገልግሎትና የሰው ጉልበት ከ2 ሳንቲም እጅግ የሚበልጥ መሆኑ ነው። ይህ የኦልሰን ሦስተኛ ምክንያት ነው። በዚህ ላይ የአንዱ ሰው 2 ሳንቲም መቅረት በዘመቻው ላይ የሚያስከትለው ልዩነት አይታይም፤ ያላዋጣውም ሰው በሌሎች ዘንድ አይታወቅም። በአሥር ሰዎች ማኅበር ውስጥ የአንዱ መቅረት ወዲያው ይታያል፣ ይጠየቅበታል፣ ያሳፍራል። በሚሊዮኖች መካከል ግን ተጠያቂነት ይሟሟል።

ከመዋጮውም በፊት የእውቀት ጥያቄ አለ። ሸማቹ በዓመት 5 ዶላር ከ60 ሳንቲም እንደሚያጣ ለማወቅ የኮታውን አሠራርና የዓለምን ገበያ ዋጋ መከታተል ይኖርበታል። ይህን ለመረዳት የሚያጠፋው አንድ ቀን ከሚያጣው ገንዘብ ይልቅ ውድ ነው። አንቶኒ ዳውንስ በ1957 እንዳሳየው፣ መረጃ የማግኛ ወጪ ከመረጃው ጥቅም ሲበልጥ አለማወቅ ራሱ ምክንያታዊ ምርጫ ይሆናል። በመሆኑም የሸማቹን ዝምታ እንደ ስምምነት መቁጠር ስሕተት ነው።

የአምራቹ ስሌት

በአምራቹ ወገን ስሌቱ ይገለበጣል። አሁንም ለማሳያ ያህል የአምራቾች ጠቅላላ ዓመታዊ ጥቅም 500 ሚሊዮን ዶላር፣ ፕሮግራሙን ለማስጠበቅ የሚያስፈልገው የሎቢ ወጪ 5 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል። ከጠቅላላው ጥቅም ከ1 በመቶ በላይ የያዘ ማንኛውም አምራች ሌላው ባይረዳው እንኳ ወጪውን ብቻውን ሸፍኖ ያተርፋል። 2 በመቶ ድርሻ ያለው ኩባንያ 10 ሚሊዮን ዶላር ስለሚያገኝ 5 ሚሊዮን ከፍሎ 5 ሚሊዮን ይቀረዋል። ኦልሰን ቢያንስ አንድ እንዲህ ዓይነት አባል ያለውን ቡድን «ባለ ዕድል ቡድን» ሲል ይጠራዋል፤ የወል ጥቅሙ ያለ ምንም ድርጅት ሊገኝ ይችላልና።

የ42 በመቶው አሐዝ ትርጉም የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ጥቅሙ በእርሻዎቹ መካከል እኩል ቢከፋፈል ኖሮ የእያንዳንዱ ድርሻ ኢምንት ይሆን ነበር። በጥቂቶች እጅ መከማቸቱ ግን ወጪውን የሚሸከም አካል ፈጠረ። ከዚህ አንድ ያልተለመደ መደምደሚያ ይከተላል፤ በቡድኑ ውስጥ ያለው የድርሻ አለመመጣጠን ለመደራጀት እንቅፋት ሳይሆን አጋዥ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ዓይነቱ ቡድን ውስጥ ትንሹ አምራች የትልቁን ወጪ በነፃ ይጋራል። ኦልሰን ይህን ትንሹ ትልቁን የሚበዘብዝበት ሁኔታ ብሎታል።

ሺህዎቹ አብቃዮች እንዴት ተሰባሰቡ?

ትንታኔው እዚህ ቢቆም አንድ ነገር ሳይመለስ ይቀራል። በሰሜን ዳኮታና በሚኒሶታ ድንበር በሬድ ሪቨር ሸለቆ ስኳር የሚወጣበትን የቀይ ሥር ዝርያ፣ ማለትም ሹገር ቢት የሚያበቅሉት ገበሬዎች ብዙ ናቸው። አንዳቸውም ብቻውን ሎቢውን ሊሸከም አይችልም። ሆኖም በዋሽንግተን ድምፃቸው ከሚሰማ የእርሻ ቡድኖች መካከል ናቸው። ይህ እንዴት ሆነ?

መልሱ ከምርቱ ባሕርይ ይጀምራል። ሹገር ቢት ከባድና ለብልሽት የተጋለጠ ስለሆነ ርቆ ተጓጉዞ አይሸጥም፤ በአካባቢው ባለ ፋብሪካ መጨመቅ አለበት። ስለዚህ ገበሬው ከፋብሪካው ጋር የተሳሰረ ነው። የሸለቆው ገበሬዎች በ1973 አሜሪካን ክሪስታል ሹገር የተባለውን ኩባንያ ገዝተው ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበር ለወጡት። በዚህ ማኅበር አንድ ገበሬ ምርቱን ለፋብሪካው የማቅረብ መብት የሚያገኘው አክሲዮን ሲኖረው ነው፤ አክሲዮኑ ምን ያህል መሬት ላይ እንደሚያበቅልም ይወስናል። መብቱ ግዴታም ጭምር ነው።

ይህ አደረጃጀት የነፃ ተጋሪን ችግር ሳይነካካ ያልፈዋል። ገበሬው ወደ ማኅበሩ የገባው ስለ ስኳር ኮታ ለመከራከር ሳይሆን ምርቱን የሚሸጥበት ሌላ በር ስለሌለው ነው። ማኅበሩ የሚያወጣው የሎቢ ወጪ ከሌሎች ወጪዎች ጋር ተቀንሶ ቀሪው ለገበሬው ስለሚከፈል እያንዳንዱ እንደ ምርቱ መጠን ሳይጠየቅ ያዋጣል። በእርግጥ የአሜሪካ ሕግ ከድርጅት ካዝና ለፌዴራል ዕጩዎች ገንዘብ መስጠትን ስለሚከለክል የምርጫ መዋጮው ከአባላት በፈቃደኝነት መሰብሰብ አለበት። ነገር ግን የሚሰበሰበው አስቀድሞ ከሚታወቁ፣ እርስ በርስ ከሚተዋወቁና በየጊዜው ከሚገናኙ አባላት ነው።

ኦልሰን ይህን ዓይነት መንገድ ለአባል ብቻ በሚሰጥ ማበረታቻ ያስረዳዋል። ትልቅ ቡድን ሲደራጅ ባየን ጊዜ ከወል ጥቅሙ ጎን ለጎን ላላዋጣ ሰው የማይደርስ ነገር መኖሩን መፈለግ አለብን። ሎቢው የዚያ ግንኙነት ተረፈ ምርት ነው። ይህ አመክንዮ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ዕድር መዋጮውን በየወሩ ለዓመታት ያለ ፖሊስና ያለ ፍርድ ቤት የሚሰበስበው አባሎቹ ከሌላው ሰው ይልቅ ለጋራ ጉዳይ የሚያስቡ በመሆናቸው ብቻ አይደለም። ድንኳኑ፣ ዕቃውና የቀብር ገንዘቡ ለአባል እንጂ ላልከፈለ ሰው ስለማይወጣ፣ ቀሪም በስም ተጠርቶ ስለሚቀጣ ጭምር ነው። ያው ዕድር አባላቱን ለሰፈሩ መንገድ ጥገና ሲያስተባብር ግን የሚሠራው ለወል ጥቅም ነው፤ ይህን ማድረግ የሚችለውም በቀብሩ በኩል አስቀድሞ የተሰበሰበ ማኅበር ስላለው ነው። ስለዚህ የዕድር ጥንካሬ የኦልሰንን መከራከሪያ አያፈርስም፤ ይልቁንም ይደግፈዋል።

ቁጥር ወይስ ድርሻ?

አሁን በመግቢያው ወደተነሳው ነጥብ እንመለስ። የአሜሪካ ሕዝብ በግማሽ ያነሰ ቢሆን፣ የስኳር ፍጆታውና ወጪውም በዚያው ልክ ቢቀንስ፣ የአንድ ሸማች ኪሳራ ያው 5 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይሆን ነበር። ዋጋው ቢወርድ አንዱ ሸማች የሚያገኘውን ቅናሽ የሌላው ማግኘት አይቀንስበትም። ጆን ቻምበርሊን በ1974 ያነሳው ትችት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አንዱ ሲጠቀምበት ለሌላው የማይጎድል የወል ጥቅም ከሆነ፣ ቡድኑ በመስፋቱ ብቻ የግለሰቡ ጥቅም አይቀንስም፤ ጠቅላላ መዋጮውም ሊጨምር ይችላል። የድርሻ መቀነስ የሚሠራው በተለይ የተወሰነ መጠን ያለው ጥቅም ለብዙዎች ሲከፋፈል ነው፤ ለምሳሌ አንድ ኮታ ለአምራቾች ሲደለደል።

ስለዚህ የሸማቹን ዝምታ የሚያብራራው የ250 ሚሊዮን ብዛት በቀጥታ አይደለም። የሚያብራራው የነፍስ ወከፍ ጥቅሙ የመረጃና የመሰባሰቢያ ወጪን ለመሸፈን የማይበቃ መሆኑና ከሸማቾች መካከል ከፍ ያለ ድርሻ ያለው አለመኖሩ ነው። ቁጥሩ የሚሠራው በተዘዋዋሪ ነው፤ የአንዱን መቅረት የማይታይ በማድረግና የመሰብሰቢያ ወጪውን በማናር።

ይህ ልዩነት በተጨባጭ የሚፈተነው የስኳር ፕሮግራሙን ማን እንደተቃወመ ስንመለከት ነው። ቋሚ ትግል ያካሄዱት ቤተሰቦች ሳይሆኑ በጥሬ ዕቃነት ስኳር በብዛት የሚገዙት የከረሜላ፣ የብስኩትና መሰል ኩባንያዎች ናቸው። እነሱም ሸማቾች ናቸው፤ ነገር ግን ጥቂት ናቸው፣ የእያንዳንዳቸውም ኪሳራ በሚሊዮኖች ይቆጠራል። እዚህም ላይ አንድ ጉልህ ክስተት ተፈጠረ። በ1984 ኮካ ኮላና ፔፕሲ በአሜሪካ ገበያ ከስኳር ይልቅ ከበቆሎ በሚሠራ ሽሮፕ መጠቀምን ሙሉ በሙሉ ፈቀዱ። ከስኳር ትልልቅ ገዢዎች ዋነኞቹ በዚህ መንገድ ከጉዳዩ ወጡ። በአንጻሩ የሽሮፑ አምራቾች የስኳር ዋጋ ከፍ ብሎ መቆየቱ ገበያቸውን ስለሚጠብቅላቸው የፕሮግራሙ ደጋፊዎች ሆኑ። የሸማቾች ቁጥር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከፍተኛ ድርሻ የነበራቸው አካላት አሰላለፍ ነው።

የመከራከሪያው ወሰን

አመክንዮው ሁልጊዜ ይሠራል ማለት አይደለም። በ1974 የዓለም የስኳር ዋጋ በፍጥነት ናረ፤ በኅዳር ወር ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደረሰ። በዚያው ዓመት ሰኔ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የስኳር ሕጉን ለማራዘም የቀረበውን ረቂቅ ውድቅ አደረገው፤ ከ1934 የጀመረው ሥርዓትም በዓመቱ መጨረሻ አበቃ። የዋጋው ንረት ጉዳዩን ለማንም ግልጽ አደረገው፤ ስለ ስኳር ዋጋ ለማወቅ ማጥናት አላስፈለገም። ለተወካዩም የመራጮችን ቁጣ ለመገመት ማኅበር መኖር አላስፈለገውም። እንዲህ ባለ ወቅት ያልተደራጀው ብዙኃን በምርጫ ካርዱ በኩል ይፈራል።

ሆኖም ቀጥሎ የሆነው ነገር የኦልሰንን ነጥብ መልሶ ያጎላል። ዋጋው ሲወርድ የሸማቹ ትኩረት አብሮ ወረደ፤ ጉዳዩን የሚከታተል ቋሚ ድርጅት በስተኋላው አልቀረም። አምራቾቹ ግን በቦታቸው ነበሩ። በ1977 ድጋፉ በጊዜያዊነት ተመለሰ፣ የ1981ዱ የእርሻ ሕግ የዋጋ ድጋፉን አጸናው፣ በግንቦት 1982 ደግሞ መንግሥት የአስመጪ ኮታን መልሶ ጣለ። ቁጣ አንድ ሕግ ሊጥል ይችላል፤ ሕጉ ተመልሶ እንዳይመጣ ዘብ መቆም ግን የድርጅት ሥራ ነው።

ለምርምር የሚኖረው ፍች

የአንድን የጥቅም ቡድን መደራጀት ወይም አለመደራጀት የሚያጠና ተመራማሪ የአባላቱን ቁጥር ቆጥሮ ቢያቆም ከላይ ያየነው አብዛኛው ነገር ያመልጠዋል። ሬድ ሪቨር ላይ ብዙዎቹ ተደራጅተዋል፤ በ1974 ያልተደራጁት አሸንፈዋል። ቁጥሩን ከማየት በፊት የነፍስ ወከፍ ጥቅሙ ከማወቂያውና ከመሰባሰቢያው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሆነ መለካት ይገባል። ከዚያም ያ ጥቅም በአባላቱ መካከል እንዴት እንደተከፋፈለ፣ በመጨረሻም አባላቱ በሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ በፋብሪካ፣ በመድን ወይም በቀብር፣ አስቀድመው መተሳሰር አለመተሳሰራቸው መታየት አለበት።

በጥናት ንድፍ ረገድም አንድ ወጥመድ አለ። የተደራጁ ቡድኖችን ብቻ መርጦ መመርመር ያልተደራጁትን ከዓይን ይሰውራል፤ ዝም ያሉት በማኅበራት መዝገብ ላይ አይገኙምና። በስኳሩ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው ባለጉዳይ፣ ማለትም ተራው ሸማች፣ በሎቢ መዝገብ ውስጥ ስሙ የለም። ስለዚህ ጥናቱ መጀመር ያለበት ከድርጅቶች ዝርዝር ሳይሆን ከፖሊሲው ነው፤ ማን ይከፍላል፣ ማን ይጠቀማል፣ እያንዳንዱስ ስንት የሚለውን አስቀድሞ አስልቶ፣ ከዚያ በኋላ ከእነዚህ መካከል የትኛው ወገን ድርጅት እንዳለው መጠየቅ ይቻላል።